አርማታ ጦር ማለት አይደለም፤ ሰላጣም ከጣልያን በቀጥታ አልመጣም፦ ስለ ጣልያንኛ ቃላት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

«ጣልያን በአምስት ዓመት ቆይታው ምግባችንንና ግንባታችንን በቃላቱ ሞልቶት ሄደ። ሰላጣ፣ ጣውላ፣ ሚስማር፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ ሁሉም የእሱ ናቸው። አርማታ የምንለው በጣልያንኛ ጦር ሠራዊት ማለት ነው፤ ወታደሮቹ ጥለውልን የሄዱት ቃል ነው። ማኪያቶ ከወተት ጋር የተቀላቀለ ማለት ነው። ፉርኖን ዳቦ፣ ሳልሳን የቲማቲም ድልህ ማለታችን ግን ስሕተት ነው። ወይ በትክክለኛ ትርጉማቸው እንጠቀምባቸው፣ ወይ በንጹሕ አማርኛ እንተካቸው። ለምሳሌ ካቻቢቴን ‹ብሎን መፍቻ› ብንለው ምን ይጎድላል?»

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ቃላት መጨነቃቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ በየቀኑ አፉ ላይ ያለውን ቃል ከየት አመጣሁት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ አይገጥሙም፤ ጽሑፉም ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፌሮ ሠራተኛ ነበር። እኔም ትምህርት ሲዘጋ ከእሱ ጋር ሽቦ እያሰርኩ አድጌ አሁንም እንጀራዬ ሕንፃ ሥራ ነው። ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዳንዶቹን ከመዝገበ ቃላት በፊት በእጄ ነው የማውቃቸው። ስለዚህ በተራ እየሄድኩ፣ የማውቀው ላይ ዘለግ እያልኩ እመልሳለሁ።

በዘመኑ ልጀምር። ጣልያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መያዙ እውነት ነው፤ የዚያ ጊዜ አሻራም በከተማዋ ላይ በግልጽ ይታያል። ፒያሳ «አደባባይ» ነው፣ መርካቶ «ገበያ» ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ሁለት ነገር ተጣብቆ የወጣ ስም ነው፦ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረ የጣልያን ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። እንዲህ ያሉ የሰፈር ስሞች ባለ ሥልጣን ያወጣቸው ናቸው፤ ለእነሱ አምስት ዓመት ይበቃል። የእጅ ሥራ ቃል ግን በትእዛዝ አይገባም። ሰው ከሰው ጎን ቆሞ ሲሠራ፣ «ያንን አቀብለኝ» ሲባባል ነው የሚለመደው። አርበኛው በየጫካው እየተዋጋ ባለፉት አምስት ዓመታት ብቻ ይህ ሁሉ ቃል ሥር ሰደደ ማለት ይከብዳል።

ጸሐፊው የዘለሏቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ኤርትራ ነው። ጣልያን ምጽዋን የያዘው በ1877፣ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብሎ ያወጀው በ1882 ዓ.ም. ነው። እስከ 1933 ድረስ ሲቆጠር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው። እዚያ ጋራዥና ግንበኝነት የተማረ ሰው፣ በተለይ በ1945 ፌዴሬሽኑ ከተመሠረተ በኋላ፣ ወደ መሐል አገር ሲመጣ ሙያውን ከነቃሉ ይዞ መጣ። ሁለተኛው በር ከነጻነት በኋላ የተከፈተው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሙያ ያላቸው ጣልያኖች በአገሪቱ እንዲቆዩ ስለፈቀዱ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ጋጋሪው ሱቁን ከፍቶ ኢትዮጵያውያን ረዳቶችን ቀጥሮ መሥራት ቀጠለ። ቶሞካን ተመልከቱ። ስሙ «ቶሬፋትሲዮኔ ሞዴርና ካፌ» ከሚለው ተቆርጦ የወጣ ነው፤ «ቶሬፋትሲዮኔ» መቁላት ማለት ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ጣልያን ከተባረረ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ቡና የምንጠቀምባቸው ጣልያንኛ ቃላት ከወታደር ይልቅ ከቡና ቆዪና ከቡና ቤት ባለቤት የመጡ ቢባል ይቀርባል።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነን ትግርኛ ነው። በትግርኛ ቲማቲም «ኮሚደረ» ነው፤ ከጣልያንኛው «ፖሞዶሮ» የተወሰደ። ሹካም «ፋርኬታ» ይባላል፤ እሱም ጣልያንኛ ነው። አማርኛ ግን «ሹካ»ንም «ሳህን»ንም «ቲማቲም»ንም በአረብኛ በኩል ነው ያገኘው። ረጅሙ ዘመን በትግርኛ በኩል እስከ ማዕድ ቤት ዘልቆ ገባ፤ በአማርኛ ግን ቃሎቹ ከቤት ውጪ፣ ጋራዡ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ቡና ቤቱና ግንባታው ላይ ነው በብዛት የቀሩት።

ወደ ሰላጣ፣ ጣውላና ሚስማር ልለፍ። እዚህ ላይ ጆሮ ጥሩ ዳኛ ነው። ጣልያንኛ «ጥ» የሚባል ድምፅ የለውም። የጣልያንኛ «ት» ወደ አማርኛ ሲገባ ላላ ብሎ እንደ «ት» ይቀራል፦ ፓስታ፣ ማኪያቶ፣ ፖስታ፣ ቱቦ፣ ቶርኖ። «ጡቦ» የሚል ወይም «ፓስጣ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ጥ» የሚገባው በሌላ መንገድ ነው፤ አንዱ በግእዝ ዘመን ከግሪክ በመጡ ቃላት ነው፣ እንደ ጴጥሮስና ጠረጴዛ። ሌላው አረብኛ ያለው ጠንካራ ድምፅ ነው፣ እንደ ሱልጣንና ሻንጣ። አሁን «ሰላጣ»ን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ጣልያንኛው «ኢንሳላታ» ነው። በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ «ሰላታ» እንል ነበር። «ጣ» የሰጠው የአረብኛው «ሰለጣ» ነው። እርግጥ አረብኛውም ቃሉን ያገኘው ከአውሮፓ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አያቱን አላጡም፤ ያጡት አባቱን ነው። ያመጣልን ግን በቀይ ባሕር ማዶ የሚመላለሰው ነጋዴ እንጂ የጣልያን ወጥ ቤት አይደለም።

«ጣውላ» ከዚህም የበለጠ ያስደስታል፤ ሁለት ምስክር አለውና። ጣልያንኛው «ታቮላ» ነው፤ ትርጉሙ ጠረጴዛም ሳንቃም ነው። አረብኛ «ቭ» ስለሌለው «ጣውላ» አለው፣ ጠረጴዛ ለማለት። አማርኛ ደግሞ ቃሉን ከነ«ጣ»ው ከነ«ው»ው ወስዶ ወደ እንጨቱ መለሰው። ከጣልያን በቀጥታ ብንወስደው ኖሮ «ቭ» ወደ «ብ» ነበር የሚዞረው፤ የጋራዥ ሰው «ካቻቪቴ»ን «ካቻቢቴ» እንዳደረገው ሁሉ «ታቦላ» እንል ነበር። «ሚስማር»ን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አረብኛ ነው፤ ጣልያን ሚስማርን «ክዮዶ» ይለዋል፣ በሁለቱ መካከል አንድም የሚመሳሰል ፊደል የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ሚዛን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። «ጥ» ካለ ቃሉ በቀጥታ ከጣልያንኛ እንዳልመጣ ይነግራችኋል፤ «ት» መኖሩ ግን ጣልያንኛ ነው ለማለት አይበቃም። «ቲማቲም» ይኸው ሁለት ጊዜ ላላ ያለ «ት» አለው፣ ከ«ፖሞዶሮ» ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። በነገራችን ላይ «ጣልያን» የሚለው ስም ራሱ በ«ጣ» ነው የሚጀምረው። ስማቸው ከእነሱ በፊት በአሮጌው መንገድ ደርሶን ነበር ማለት ነው።

አሁን አርማታ ላይ ልቆይ፤ ብዕር ያስነሣኝ ይኸው ነውና። ጸሐፊው እንዴት እንደተሳሳቱ ይገባኛል። መዝገበ ቃላት ገልጠው «አርማታ» የሚለውን ስም ሲፈልጉ ሠራዊት ወይም የጦር መርከቦች ጓድ የሚል ትርጉም አግኝተዋል። ነገር ግን ግንባታ ላይ ያለው ቃል ስም አልነበረም፣ ቅጽል ነበር። ጣልያን በውስጡ ብረት ያለበትን ኮንክሪት «ቼሜንቶ አርማቶ» ይለዋል፤ የታጠቀ ሲሚንቶ እንደማለት ነው። በጣልያንኛ ቅጽል ከስሙ ጾታ ጋር ስለሚለዋወጥ ስሙ አንስታይ ሲሆን «አርማቶ» «አርማታ» ይሆናል። ብረት የሌለበት ተራ ኮንክሪት ሌላ ስም አለው፤ «ካልቼስትሩትሶ» ይሉታል። እኛ ረጅሙን ስም ትተን ቅጽሉን ብቻ አስቀረን። እንግዲህ አርማታ ከጦር ጋር የሚዛመደው «ትጥቅ» በሚለው ሥር ብቻ ነው፤ ትጥቁም ፌሮው ነው።

ለምን ይታጠቃል? ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ስበትን የሚችለው ጭነትን ከሚችለው አንድ አሥረኛውን ያህል ቢሆን ነው። ብረት ደግሞ ስበትን ይችላል። ስለዚህ ኮንክሪቱ በሚሳብበት ጎን ብረት ይገባለታል። «አርማቶ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይናገር ነበር። በእኛ አፍ ግን ትርጉሙ ወደ ቅይጡ ዞረ። ሙሌት ባለበት ቀን ሚክሰሩ ሲዞር አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ገብቶ የሚወጣውን ግራጫ ነገር ነው አርማታ የምንለው። ፌሮው ሳይኖርም አርማታ ነው፤ የመሬት ወለል ያለ ብረት ሲሞላም «አርማታ ተሞላ» እንላለን።

ይህ የትርጉም ለውጥ ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎረቤታችን ከቤታቸው ፊት ወደ ውጭ የወጣ ባልኮኒ አሠሩ። ሥራውን የያዘውን ሰው «አርማታ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁት፤ «አርማታ ነው» አላቸው። አልዋሸም። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ባልኮኒው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከላይ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ስንጥቅ አወጣ። አባቴ ተጠርቶ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ጫፉን በመዶሻና በመሮ ፈልፍሎ ሲያይ ፌሮው ሁሉ የተኛው ከታች በኩል ነበር። በሁለት ግድግዳ ላይ ባረፈ ሶሌታ፣ ማለትም በጠፍጣፋ የአርማታ ወለል፣ መሐሉ ላይ ስበት የሚመጣው ከታች ነው፣ ስለዚህ እዚያ ዋናው ፌሮ ታች ይተኛል። በአንድ በኩል ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ በወጣ ባልኮኒ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫፉ ወደ ታች ሲወርድ የሚሳበው ላይኛው ጎን ነው። ፌሮው እላይ ካልተኛ ባልኮኒው ያልታጠቀ ያህል ነው። አንዳንዴ ፌሮ ሠራተኛው ከላይ አስሮት የሙሌት ሠራተኛ እየረገጠው ወደ ታች ይወርዳል፤ ለዚህ ነው አባቴ ሙሌት ሲሞላ ከአጠገቡ የማይጠፋው። የሚያስታውቀውም ስንጥቁ ያለበት ቦታ ነው። የሥሥ ልስን ስንጥቅ የትም ይወጣል፣ ግድግዳው ሥር ከላይ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ግን የፌሮ ነገር ነው። ጎረቤታችን ጣልያን ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄያቸው ውስጥ ፌሮው ይኖር ነበር። በአማርኛ ግን ሁለት ጥያቄ ነው መጠየቅ ያለባቸው፦ አርማታው ምን ያህል ነው፣ ፌሮው የት ነው የተኛው።

«ስታፋ» ጸሐፊው ያላነሱት ነው፣ እኔ ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። «ስታፋ» ማለት በጣልያንኛ እርካብ ነው፤ ፈረሰኛ እግሩን የሚያስገባበት ማለት ነው። ግንባታ ላይ የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት በቅርጹ እርካብ ስለሚመስል ጣልያኖቹ ራሳቸው ስሙን አወረሱት። አባቴ በቀን በመቶ የሚቆጠር ስታፋ በቀጭኑ፣ በባለ ስምንት ሚሊ ሜትሩ ፌሮ ያጥፍ ነበር። ጣውላ ላይ ሚስማር መትቶ፣ ፌሮውን በሚስማሮቹ መካከል አስገብቶ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ አጥፎ ጫፉን ወደ ውስጥ ያቆለምመዋል። ያ ቁልምም ከሌለ ዓምዱ ሲጫን ስታፋው ይከፈታል። ዓምዱ ጫፍና ሥር ላይ ጠበብ ጠበብ ብሎ ይታሰራል፤ መሐል ላይ ይሰፋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ የፈረሰኛ እርካብ፣ የአረብ ሚስማርና የእኛ «ማሰር» ተገናኝተው ያንን ሥራ ይሠራሉ። እኔ በዚህ እደነቃለሁ።

የማኪያቶ ነገር አጭር ነው። በቃሉ ውስጥ ወተትም መቀላቀልም የለም። «ማክያ» እድፍ፣ ነጠብጣብ ማለት ሲሆን «ማክያቶ» ነጠብጣብ ያረፈበት፣ ያደፈ ማለት ነው። ጣልያን ትንሽ ጥቁር ቡና ላይ ጠብ የምትል ወተት ሲያደርግበት «ካፌ ማክያቶ» ይለዋል፤ ቡናው በወተት አደፈ ማለቱ ነው። በተቃራኒው ብርጭቆ ወተት ላይ ቡና ሲፈስበት «ላቴ ማክያቶ» ይሆናል፤ ያደፈው ወተቱ ነው። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ወተቱ በርከት ብሎ፣ አረፋው ከላይ ቆሞ ስለሚመጣ ለሁለተኛው ይቀርባል። «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ብለን ስናዝ ሳናውቀው ይበልጥ ወደ ሮማው እየተጠጋን ነው።

ፉርኖና ሳልሳ ላይ ጸሐፊው ስሕተት ያሉትን እኔ ስሕተት አልለውም። «ፎርኖ» የጋጋሪ ምድጃ ነው፤ ጣልያኖችም ዳቦ ቤቱን ራሱን «ፎርኖ» ይሉታል። ስሙ ከምድጃ ወደ ቤቱ ከተሻገረ ከቤቱ ወደሚወጣው ዳቦና ወደሚገባው ነጭ ዱቄት መሻገሩ አንድ እርምጃ ነው። እናቴ ከሱቅ «ሁለት ኪሎ ፉርኖ» ስትል ባለ ሱቁ ምድጃ አይፈልግም፤ ገለባው የወጣለትን ነጭ ዱቄት ይመዝንላታል። በአማርኛ ፉርኖ ያ ነው።

«ሳልሳ» ደግሞ በጣልያንኛ ማንኛውም ወጥ መሰል ማባያ ነው፤ ቲማቲም ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። እኛ በጣሳ ለሚመጣው ወፍራም የቲማቲም ድልህ ለይተን ሰጠነው። ጸሐፊው ወደ መጀመሪያው ትርጉም እንመለስ ካሉ ግን ጣልያንኛው ላይ መቆም የለባቸውም። ቃሉ ከላቲን ነው፤ በላቲን «ሳልሳ» ጨው የገባባት ማለት ነው። ቅድም ያነሣነው «ኢንሳላታ»ም ከዚያው ከጨው የወጣ ነው፤ ጨው የተነሰነሰበት ቅጠል። ሳልሳና ሰላጣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ በጣልያን፣ አንዱ በአረብ በኩል መጥተው መሶባችን ላይ ተገናኙ። እንግዲህ ጨው የሌለው ማባያን ሳልሳ የሚል ጣልያናዊም በጸሐፊው ሚዛን ተሳስቷል። ጣልያኑ ከላቲን ወስዶ እንደለወጠው እኛም ከጣልያን ወስደን ለወጥነው።

በመጨረሻ ወደ መተካቱ። «ፌሮ» በጣልያንኛ ብረት ብቻ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ ምትክ «ብረት» ነው። ነገር ግን ግንባታ ላይ ላሜራም ብረት ነው፣ ሚስማርም ብረት ነው፣ የካንቸሎው በርም ብረት ነው። «ብረት አምጣ» ብባል የትኛውን ላምጣ? አማርኛ «ፌሮ»ን አጥብቦ በአርማታ ውስጥ ለሚገባው ዘንግ ብቻ ስለሰጠው ነው «ብረት» ለሌላው ሁሉ ነጻ የቀረው። ያንን ልዩነት የጣልያንኛው «ፌሮ» ራሱ አይለየውም።

ካቻቢቴም እንዲሁ ነው። «ካቻ» ከመንዳትና ከማስገባት ነው፣ «ቪቴ» ደግሞ ጥርስ ያለው ሚስማር፤ እየነዳ የሚያስገባ ማለት ነው። ጋራዥ ገብታችሁ «መፍቻ» ብትሉ ግን የሚቀበላችሁ ልጅ የሚያቀብላችሁ ቁጥር ያለውን ቁልፍ ነው፤ «የስንት ቁጥር?» ብሎም ይጠይቃል። «ብሎን መፍቻ» ካላችሁማ ምንም አይጠራጠርም፤ ብሎን የሚፈታው በዚያ ነውና። ካቻቢቴውን ፈልጎ የሄደ ሰው ባለ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ይዞ ይመለሳል። ጸሐፊው ንጹሕ አማርኛ ብለው ያቀረቡት ምትክ ውስጥም «ብሎን» አለ፤ እሱም «ቡሎኔ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ነው።